ስለ ሙከራና ስለ አድማ፤ ያልተፈጸመ ክፉ ሥራ ስለ ምን ይቀጣል?

በአማን ከተማ ዝናብ የማይጥልበት ወር ጥቂት ነው። በዚያ አገር ቡና የሚነግድ ሰው ከሌባ ይልቅ እርጥበትን ይፈራል፤ ጀንፈሉ በአልጋ ላይ ደርቆ፥ በጆንያ ተሞልቶ መጋዘን ከገባ በኋላ እንኳ ጣሪያው አንዲት ቀዳዳ ብትኖረው ሻግቶ ይገኛልና። ነገሩ በምሳሌ ይታይ ዘንድ፥ በዚህ አገር አንድ ባለዕዳ አለ ይባል። ይህ ሰው ቡና ሊያስረክብ ከአንድ ነጋዴ ገንዘብ ተቀብሎ ሳለ ቡናውን ለሌላ ሸጠው፤ ገንዘቡንም አጠፋ። የዕዳው ደብተር በነጋዴው መጋዘን ውስጥ በሣጥን ተቆልፎ መቀመጡን ያውቃል። መጋዘኑ ቢቃጠል ደብተሩም አብሮ እንዲቃጠል አሰበና ላምባ ገዛ፤ በሌሊት ሄዶ በአጥሩ ዘለለ፤ ላምባውን በእንጨቱ በር ሥር አፍስሶ ክብሪት ጫረ። ክብሪቱ በኪሱ ሳለ በዝናብ ርሶ ኖሮ አልያዘለትም። ሁለተኛውን ጫረ፤ ሦስተኛውንም ጫረ፤ በዚህ ጊዜ ዘበኛው ድምፁን ሰምቶ መጣና ያዘው።

ሲነጋ ነጋዴው መጋዘኑን ከፍቶ ቢመለከት አንድ ጆንያ ስንኳ አልጎደለበትም። ከላምባው ሽታ በቀር በሩም ደኅና ነው። ተከሳሹ ከዳኛው ፊት ቀርቦ፥ «ምን አጠፋሁ? ማንን ጎዳሁ? የጎደለ ካለ ቆጥራችሁ አሳዩኝ» ቢል፥ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም።

በካሣ ነገር ቢሆን ሰውዬው እውነት አለው። ሽማግሎች ተቀምጠው ሁለት ሰዎችን ሲያስታርቁ መጀመሪያ የሚጠይቁት የጠፋውን ነው፤ ከብት ከሆነ ከብቱን፥ እህል ከሆነ እህሉን ገምተው ይፈርዳሉ። ያልጠፋ ነገር አይገመትም፤ ያልተገመተም አይከፈልም። ስለዚህ ነጋዴው ስለ ቡናው ካሣ ይሰጠኝ ቢል የሚያገኘው የለም። የወንጀል ሕግ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። እርሱ የሚመለከተው በነጋዴው መጋዘን የጎደለውን ብቻ ሳይሆን በባለዕዳው በኩል የተሠራውን ነው። የጉዳቱ መጠን ዜሮ ሲሆን የሥራው መጠን ዜሮ ላይሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1923 ዓ.ም. በዘመናዊ መልክ ተጽፎ ወጣ። በኋላም የስዊስ አገር የሕግ ሊቅ የነበሩት ዣን ግራቨን ያረቀቁት ሰፊ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታወጀ፤ ይህንንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ተክቶት ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። ስለ ሙከራ የሚናገረው በ1949ኙም በ1996ቱም ሕግ 27ኛው አንቀጽ ነው፤ በፊቱ ያለው 26ኛው ስለ መሰናዳት፥ በኋላው ያለው 28ኛው ስለ መመለስና ስለ መጸጸት ይናገራል። እነዚህ አንቀጾች ተከታትለው የተጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ክፉ ሥራ ከልብ ተነሥቶ እስከ ፍጻሜው የሚሄድበትን መንገድ እግር በእግር ይከተላሉ።

የመንገዱ መጀመሪያ አሳብ ነው። ባለዕዳው በቤቱ ተኝቶ መጋዘኑ ሲነድ በልቡ ቢመለከት፥ በዚያም ደስ ቢለው፥ ለንስሓ አባቱ የሚነግረው ነገር አለው፤ ለዳኛ ግን የሚመልሰው የለውም። ይህ የሆነው አሳብ ጉዳት የሌለው ስለ ሆነ አይደለም። ኃጢአት ሁሉ ከልብ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ የሰውን ልብ የሚመረምር ዳኛ በምድር ላይ አይገኝም፤ አለሁ የሚል ቢገኝም ሰው ሁሉ ሊሸሸው ይገባል። ሁለተኛው፥ ማታ ያሰበውን ጧት የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ ያሰበውን ሁሉ ለመቅጣት የተነሣ ሕግ በራሱ ተመልሶ ሊድን የነበረውን ሰው አስቀድሞ ያጠፋዋል። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነገሩን በሰምና ወርቅ ይረዳዋል። ዳኛው የሚፈልገው ወርቁን፥ ማለት የተከሳሹን አሳብ ነው፤ ሆኖም ወርቁን የሚያገኘው በሰሙ፥ ማለት በተሠራው ሥራ ነው። ሰም ሳይኖር ወርቅ አገኘሁ የሚል ባለቅኔ መምህሩ ፊት እንደማይቆም፥ ሥራ ሳይኖር አሳብ አገኘሁ የሚል ዳኛም እንዲሁ ነው።

ከአሳብ ቀጥሎ መሰናዳት ይመጣል። ባለዕዳው ከሱቅ ላምባ ገዛ፤ በቀን በመጋዘኑ በኩል እያለፈ ዘበኛው የሚተኛበትን ሰዓት አጠና። እዚህ ላይ ሥራ አለ፤ ግን ሕጉ በመደበኛው እንዲህ ያለውን መሰናዳት አይቀጣም። ላምባ በያንዳንዱ ቤት ይገዛል፤ በመጋዘን አጠገብም ሰው ሁሉ ያልፋል። ሥራው ብቻውን ሲታይ ምን እንደሚል አይታወቅም፤ ሁለት ወርቅ የሚወጣለት ሰም ነው። ከዚህም የሚለዩ ሁለት ነገሮች አሉ። መሰናዳቱ ራሱ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፥ ለምሳሌ ላምባውን ሰርቆ ያመጣው እንደ ሆነ፥ ስለ ቃጠሎው ሳይሆን ስለ ስርቆቱ ይቀጣል። እንደዚሁም ነገሩ ከከባድነቱ ወይም ለብዙ ሰው ከሚያመጣው አደጋ የተነሣ ሕጉ መሰናዳቱን ብቻ ለይቶ በስሙ ወንጀል ያደረገው እንደ ሆነ ይቀጣል። ከነዚህ በቀር ላምባ የገዛ ሰው ላምባ የገዛ ሰው ነው።

ጭንቁ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። መሰናዳት የት አለቀ? መጀመር የት ጀመረ? ሕጉ የሚሰጠው መለኪያ፥ የተሠራው ሥራ በግልጥ ወንጀሉን ወደ መፈጸም ያቀና እንደ ሆነ፥ ፍጻሜውም ከዚያ ሥራ በቀጥታ የሚከተል እንደ ሆነ ወንጀሉ ተጀምሯል የሚል ነው። ይህ ቃል ለአንባቢ ቀላል፥ ለፈራጅ ግን ከባድ ነው። ከባለዕዳው ጋር አብሮ መንገዱን በልብ መሄድ ይረዳል። ከቤቱ ላምባውን ይዞ በእኩለ ሌሊት ሲወጣ ዘበኞች ቢይዙት፥ ጥርጣሬ አለ፤ ሙከራ ግን ገና የለም፤ ወደ ዘመዱ ቤት ይሄድ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? አጥሩን ሲዘል ቢያዝ፥ የሰው ግቢ ያለ ፈቃድ መግባቱ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ግን ሊሰርቅ ነው ወይስ ሊያቃጥል? ሥራው ገና አፉን አልከፈተም። ላምባውን በበሩ ሥር ሲያፈስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ላምባ በሰው በር ላይ የሚፈስበት ሌላ ምክንያት አይገኝም፤ ከዚህም በኋላ የቀረው የአንዲት ክብሪት ያህል ነው። ክብሪቱን የጫረ ጊዜ ክርክሩ ሁሉ ያበቃል።

ብልኅ ዳኛ እዚህ ላይ ራሱን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ከዚህ ሥራ እስከ ጉዳቱ ድረስ ምን ቀርቶ ነበር? ይህንስ ሥራ ተከሳሹ አንዲት ቃል ሳይናገር ያየው ሰው ሁሉ አሳቡን ሊያውቅ ይችል ነበርን? ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በዚህ ዓይነት ነገር ዳኝነት የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት ሲያነብ ነው። ተከሳሹ በምርመራ ላይ «ላቃጥል ነበር» ብሎ ቃል ሰጠ እንበል፤ ከዚያ ወዲህ ላምባ መግዛቱም፥ በመጋዘኑ ማለፉም፥ ከነጋዴው ጋር ከወር በፊት መጣላቱም ሁሉ ሙከራ መስሎ ይታያል። ቃሉ በወጉ ያልተሰጠ እንደ ሆነ ግን የሕንጻው መሠረት የለም። ስለዚህ የጠነቀቀ ዳኛ ቃሉን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ ሥራውን ብቻውን ያቆመዋል፤ ቆሞ መናገር ከቻለ ያን ጊዜ ቃሉን ያመጣለታል።

ሙከራ መኖሩ ከታወቀ ዘንድ ሁለተኛው ክርክር ይነሣል፤ እርሱም የቅጣቱ መጠን ነው። ባለዕዳው የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። ያልነደደው በርሱ ምሕረት ሳይሆን በዝናቡ ነው። ሌላ ባለዕዳ በሌላ ሌሊት ደረቅ ክብሪት ይዞ ይህንኑ ሥራ ቢሠራና መጋዘኑ ቢነድ፥ በሁለቱ ሰዎች ልብና እጅ መካከል አንዳች ልዩነት የለም፤ ያለው ልዩነት በደመናው ነው። ታዲያ ደመና ሰውን ጻድቅ ያደርገዋልን? እንዲህ ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ሙከራውንና ፍጻሜውን በአንድ ቅጣት ይቀጡ ይላሉ። በ1810 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የፈረንሳይ የወንጀል ሕግም ሙከራውን እንደ ወንጀሉ ራሱ ቈጥሮታል። ኦሪት ዘዳግም ስለ ሐሰተኛ ምስክር የሚያዘው ደግሞ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በዚያ ምስክሩ የሚቀጣው በወንድሙ ላይ በደረሰው ልክ ሳይሆን ሊያደርስበት ባሰበው ልክ ነው።

በዚህ ፊት የጣሊያኑ ቤካሪያ በ1764 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው ስለ ወንጀልና ቅጣት በተጻፈው መጽሐፉ ያቀረበው ክርክር ይቆማል። እርሱ ሙከራ አይቀጣ አላለም፤ ነገር ግን ሥራውን ለፈጸመው ሰው ትልቁ ቅጣት ተጠብቆ ከተቀመጠ፥ በመካከል የደረሰው ሰው የሚመለስበት ምክንያት ያገኛል አለ። ነገሩ በአማኑ በር ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። ባለዕዳው ላምባውን አፍስሶ፥ ክብሪቱን በእጁ ይዞ ቆሟል። ከዚህ በኋላ ቢጭርም ባይጭርም ቅጣቱ አንድ መሆኑን ካወቀ፥ «እንግዲያስ ልጨርሰው» ሊል ይችላል። ካልጫረ የሚቀልለት መሆኑን ካወቀ ግን እጁ ትዘገያለች። ቀማኛ ሁሉ የሕግ አንቀጽ አንብቦ ይሠራል ማለት ቀልድ ቢመስልም፥ ሕግ ለማያነበውም ቢሆን በሩን ክፍት አድርጎ መጠበቁ ቅንነት ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ በነዚህ በሁለቱ መካከል ይሄዳል። ለሙከራ የሚታሰበው ቅጣት ሊሠራ ለታሰበው ወንጀል የተወሰነው ነው፤ ሆኖም ሁኔታው የሚፈቅድ ሲሆን ዳኛው እንዲያቀል ሥልጣን ተሰጥቶታል። ስለዚህ ዝናቡ ባለዕዳውን ነጻ አያወጣውም፤ ዳኛውም መጋዘኑ በእርግጥ አለመንደዱን እንዳላየ አይሆንም። ይህ የተመረጠ መንገድ ይመስላል። የሰው ዳኝነት በእጅ የሚዳሰሰውን ጉዳት ፈጽሞ ቢረሳ፥ ባለቤቱ ቤቱ ተቃጥሎ የሚያለቅሰውና ቤቱ ተርፎ የሚያመሰግነው ሰው በአንድ ፍርድ ሲሰናበቱ ሕዝቡ ፍርዱን አያምነውም።

ሙከራ ሳይሳካ መቅረቱ ቅጣትን የማያስቀር መሆኑ በኢትዮጵያ ከታየባቸው ጉዳዮች አንዱ የሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. ነገር ነው። በዚያ ቀን የግብፅ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተው ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ከተማ ሲጓዙ መንገድ ዘግተው የጠበቋቸው የግብፅ ተወላጆች ተኮሱባቸው። መኪናቸው ጥይት የሚመክት ስለ ነበረ ፕሬዝዳንቱ ሳይነኩ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ተመልሰው ወደ አገራቸው ሄዱ። ከያዟቸው ሰዎች ሦስቱ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ተከሰው በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞት ተፈረደባቸው፤ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም በዚያው ዓመት በቁጥር 1044 ውሳኔው ሱዳን ሌሎቹን ሦስት ተጠርጣሪዎች አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ። በዚያ ተኩስ የኢትዮጵያ ጠባቂዎችም ስለ ሞቱ ነገሩ ሙከራ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በፕሬዝዳንቱ ላይ የተሠራው ብቻውን ቢታይ፥ ከክብሪቱ ርጥበት ጋር አንድ ነው፤ በዚያ ውሃ፥ በዚህ የመኪናው ብረት በተኳሹና በፍጻሜው መካከል ገባ። ብረቱ የተኳሹ ቸርነት አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሕጉ እጅግ ለስልሶ የሚናገርበት ስፍራ ነው። ባለዕዳው ላምባውን ካፈሰሰ በኋላ ማንም ሳያየው፥ ማንም ሳያስፈራራው፥ ክብሪቱን መልሶ በኪሱ ከትቶ ቢሄድስ? 28ኛው አንቀጽ በገዛ ፈቃዱ የተመለሰውን ሰው ከተከለከለው ሰው ይለየዋል፤ የተመለሰበትም ምክንያት የሕሊና ቅንነት ሲሆን ከቅጣት እስከ መዳን የሚደርስ ምሕረት ያስገኝለታል። እሳቱን ከለኰሰ በኋላ ተጸጽቶ ራሱ ያጠፋውም በዚሁ አንቀጽ ይታሰብለታል። በመካከል የሠራው ሌላ ጥፋት ካለ፥ ለምሳሌ አጥሩን ሰብሮ እንደ ሆነ፥ ስለዚያ ስለ ብቻው ይመልሳል። እዚህ ላይ ዳኛው መመርመር ያለበት ነገር አንድ ነው፤ ሰውዬው የተመለሰው መቀጠል እየቻለ ነው ወይስ መቀጠል ስላልቻለ? የዘበኛውን ሳል ሰምቶ የሮጠ ሰው ፈራ እንጂ አልተመለሰም። ክብሪቱ ስላልያዘለት ደክሞት የሄደም እንዲሁ ነው። ዘበኛው ተኝቶ፥ ክብሪቱም ደርቆ ሳለ የሄደው ግን ተመልሷል።

አሳብና ሥራ ሙሉ ሆነው ሳለ ፍጻሜው ከጥንቱም ሊሆን የማይችል የሆነበት ጊዜ ደግሞ አለ። በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው ሄሮይን የሚባለውን የተከለከለ መድኀኒት የያዘ መስሎት ሻንጣ ተሸክሞ ተያዘ፤ ቢመረመር ግን በውስጡ የተገኘው ጉዳት የሌለው የተፈጨ ቅጠል ነበር። የዚያ አገር የበላይ ዳኞች ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሌላ ጉዳይ እንዲህ ያለ ሙከራ አይቀጣም ብለው ነበር፤ በዓመቱ በ1986 በዚህ ሰው ጉዳይ የራሳቸውን ፍርድ ሽረው ይቀጣል አሉ። ታላላቅ ዳኞች በአንድ ዓመት ውስጥ አሳባቸውን የሚለውጡበት ነገር ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። የኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ ያለውን፥ ማለት በመሣሪያው ወይም በተሠራበት ነገር ጠባይ ምክንያት ፈጽሞ ሊሆን የማይችለውን ሙከራ፥ ለዳኛው ትቶታል፤ ዳኛው ቅጣቱን ያለ ገደብ ማቅለል ይችላል።

ከዚህም አልፎ የ1949 ዓ.ም. ሕግ ስለ አጉል እምነት ይናገራል። አንድ ሰው ጠላቱን ለመግደል ወደ ጠንቋይ ሄዶ፥ የጠላቱን ስም በክታብ አስጽፎ፥ በደጃፉ ቢቀብርበት፥ አሳቡ መግደል ነው፤ ሥራም ሠርቷል፤ ገንዘብም ከፍሏል። ሕጉ ግን ሰውዬው በአጉል እምነት ወይም በየዋህነት ተነሥቶ በምንም መንገድ ሊጎዳ በማይችል ነገር የተጠቀመ እንደ ሆነ ቅጣት አይፈረድበትም ይላል። ለካህን ይህ ነገር የሚገርም ነው፤ በርሱ ዘንድ ይህ ሰው ሁለት ጊዜ በድሏል፤ በነፍሰ ገዳይነት አሳቡና ወደ ጠንቋይ በመሄዱ። የሕጉ ምክንያት ግን ቀላል ነው። ክታብ የሚቀብር ሰው ነገ ጩቤ ይመዛል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ክታብ የሚቀብረው ጩቤ መምዘዝ ስለማይደፍር ነው። ነገር ግን ጠንቋዩ ከክታቡ ጋር በምግብ የሚጨመር ነገር ሰጥቶት እንደ ሆነ፥ ዳኛው ቆም ይበል፤ ያ ነገር መርዝ ከሆነ ጉዳዩ የአጉል እምነት መሆኑ ቀርቶ እውነተኛ የግድያ ሙከራ ይሆናል።

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ ስለ አንድ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ሕጉ እርምጃውን ያፈጥናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ኅብረትን ለማመስገን ይነገራል፤ የወንጀል ሕግ ግን ይህንኑ ተረት በፍርሃት ይሰማዋል። ባለዕዳው ብቻውን ቢያስብ ጧት ሲነቃ ሊተወው ይችላል። ከሌላ ባለዕዳ ጋር ተማክሮ፥ አንተ ዘበኛውን አዘናጋ፥ እኔ ላፈስሳለሁ ተባብለው ከተማማሉ በኋላ ግን መተው ቀላል አይሆንም፤ ጓደኛውን ያፍረዋል፤ ይፈራዋል፤ የከዳ መባልንም ይጠላል። ስምምነቱ እያንዳንዳቸው የሚመለሱበትን በር ከውጭ ይዘጋባቸዋል። በሐዋርያት ሥራ ጳውሎስን እስኪገድሉ ድረስ እህል ውሃ ላለመቅመስ የተማማሉት ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ለዚህ ግልጥ ምሳሌ ናቸው፤ መሐላውን ያደረጉት ማንም ወደ ኋላ እንዳይል ነው። እዚያ ላይ ልብ የሚባለው ሌላ ነገር ደግሞ የሮማው ሻለቃ ያደረገው ነው። የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ ነገሩን በነገረው ጊዜ አድመኞቹን መፈለግ አልጀመረም፤ ጳውሎስን በሌሊት በብዙ ወታደርና ፈረሰኛ አስከብቦ ወደ ቂሣርያ ሰደደው። ከመቅጣት በፊት ማዳን ይቀድማልና፥ የአድማ ሕግም መጀመሪያ ይህን ጊዜ ለጠባቂዎች ለመስጠት የቆመ ነው፤ እሳቱ እስኪለኰስ ድረስ ሳይጠብቁ እንዲገቡ።

ሆኖም የኢትዮጵያ ሕግ የሁለት ሰው ምክር ሁሉ ብቻውን ወንጀል ነው አይልም። በ1996ቱ ሕግ 38ኛው አንቀጽ ተማክረው ወንጀል የሠሩ ሰዎች አድማቸው ቅጣቱን እንደሚያከብድባቸው ይናገራል። አድማው ራሱን ችሎ ወንጀል የሚሆነው ሕጉ ለይቶ በጠቀሳቸው ነገሮች ነው፤ ከነዚህም በመንግሥት ላይ የሚደረገው አድማ አንዱ ነው፤ ሌላው ደግሞ በሰው አካል፥ በንብረት ወይም በሕዝብ ደኅንነት ላይ ከባድ ወንጀል ለመሥራት የሚደረገው ነው። ሁለት ሰዎች የጎረቤት ዶሮ ለመስረቅ ቢማከሩና ቢተዉት ሕጉ ዝም ይላል።

በመንግሥት ላይ የተደረገ አድማ ከመፈጸሙ በፊት የተያዘበት አንዱ ጊዜ 1943 ዓ.ም. ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ የነበሩት ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ ከሌሎች ጋር በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ላይ መክረዋል ተብለው ተያዙ። ጥይት አልተተኮሰም፤ ቤተ መንግሥቱም አልተነካም፤ ነገሩ አስቀድሞ ተገልጦ ነበርና። በመንግሥት ላይ የሚደረግ አድማ ሳይፈጸም የሚቀጣበት ምክንያት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ግልጥ ነው፤ ከተፈጸመ በኋላ የሚቀጣው ዳኛ አይገኝምና። አድማው የተሳካለት ሰው ፈራጅ ይሆናል እንጂ ተከሳሽ አይሆንም።

ነገር ግን ይህ እውነት መሆኑ ራሱ አደገኛ ያደርገዋል። ሙከራ ላምባ ወይም ክብሪት ትቶ ይሄዳል፤ አድማ ግን ብዙ ጊዜ ከቃል በቀር የሚተወው የለም፤ ቃልም ጠላት ሊፈጥረው ይችላል። በየዘመኑ ሤራ ዶልቷል ተብሎ የታሰረ ሰው ቁጥር ሤራ ከዶለተው እንደሚበልጥ የማይጠረጥር የለም። ስለዚህ አስተውሎ የሚፈርድ ሰው በመጽሐፈ አስቴር ያለውን አንድ ትንሽ ነገር አይዘልለውም። ገበታና ታራ የተባሉት የንጉሡ ደጅ ጠባቂዎች በንጉሡ ላይ ሊነሡ መምከራቸውን መርዶክዮስ ሰምቶ ነገሩ ለንጉሡ ቢደርስ፥ ሁለቱ ሰዎች የተሰቀሉት ወዲያው አይደለም፤ ነገሩ ተመርምሮ እውነት መሆኑ ከተገኘ በኋላ ነው። ዳኛውም አድማ አለ ሲባል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ስምምነቱ በማን መካከል፥ ስለ ምን ሥራ፥ መቼ ተደረገ? የነገሩስ አንድ ጫፍ ከቃል ወጥቶ በሥራ ታይቷልን? «በመንግሥት ሲያማ ሰማሁት» የሚል ምስክር አድማን አላስረዳም፤ ማማትና ማደም አንድ አይደሉምና። ከሁሉ ይልቅ መመርመር ያለበት ደግሞ ራሱ ተጋብዞ የገባና በኋላ ከሳሽ የሆነ ምስክር ነው፤ እርሱ አሳቡን ካመጣውና ሌሎቹን ከገፋፋው አድማው የማን እንደ ሆነ ያጠራጥራል።

ወደ አማኑ መጋዘን ሲመለሱ፥ ባለዕዳው ከያዙት በኋላ ብቻውን እንዳልነበረ ተናገረ ይባል። ከሌላ ባለዕዳ ጋር ተማክረው ነበር፤ ያ ሁለተኛው ሰው ዘበኛውን በጠላ ሊያዘናጋው ቃል ገብቶ ነበር፤ በተቀጠረው ሌሊት ግን አልመጣም። ዳኛው አስጠርቶ ቢጠይቀው፥ «ልጆቼን አየሁና ነገሩን ጠላሁት፤ ስለዚህ ከቤቴ አልወጣሁም» አለ። ዘበኛው ደግሞ ተጠርቶ ያን ሌሊት ምን ዓይነት ሌሊት እንደ ነበረ ቢጠየቅ፥ ከምሽቱ ጀምሮ የወረደው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ከማዶ ያለ ሰው ሊሻገር የማይችል እንደ ነበረ መሰከረ። የሁለተኛው ሰው ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ነገር ግን ሚስቱ ተጠርታ ስትመሰክር፥ በዚያ ቀን በቀትር፥ ዝናቡ ገና ሳይጥል፥ ባሏ ለጠላው የተቀመጠውን ገንሥ አውጥቶ ለእህል እንደ ለወጠው ተናገረች። ዳኛው የሴቲቱን ቃል ሁለት ጊዜ አስደግሞ አጻፈው።